ውሃ የገባበት፣ ጀርባው የላላና ገጾቹ የተቀደዱ የቤተሰብ መጽሐፍ፦ ከየት ልጀምር? (ጎንደር)

የአዘዞ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። መጽሐፉ በ1957 ዓ.ም. የታተመ፣ ጨርቅ የለበሰ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ 380 ገጽ ገደማ ነው። ትናንት ሌሊት ቆርቆሮው አንጠባጥቦበት የታችኛው ሲሶ ርሷል፤ ውሃው ግን አይንጠባጠብም። ጀርባው ድሮም ላልቶ ነበር፤ የፊት ሽፋኑን ስከፍተው ገጾቹ አብረው አይመጡም፣ ከውስጥ ያለው ወረቀትም መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቋል። ሦስት ገጾች ከዳር እስከ መሃል ተቀደዋል፤ አንዱ በድሮ ስኮች ተለጥፎ ቢጫ ሆኗል። መጨረሻ ባሉት ባዶ ገጾች ላይ የልጆች የልደትና የክርስትና ቀን በብዕር ቀለም ተጽፏል። ከሁሉም በላይ እንዲተርፍልኝ የምፈልገው እሱን ነው። መጀመሪያ የቱን ልንካ?

ማራኪ ሰፈር
መጀመሪያ ማድረቅ ነው፣ ያውም ቶሎ። ሻጋታ ለመነሳት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ፀሐይ ብልጭ ስትል ግቢ ውስጥ ዘርጊው፣ ካልሆነም ነጭ ጨርቅ እያደረግሽ ለብ ባለ ካውያ ገጽ በገጽ ተኩሺው። ጀርባውን ጫማ ሰሪ ዘንድ ውሰጂው፣ በማስቲሽ ይይዝልሻል። ከማስቲሽ የሚበልጥ ማጣበቂያ የለም።

ጠራዥ ዘአራዳ
ስለ ሻጋታው ማራኪ ልክ ነው። ሌላውን ግን አታድርጊው እህቴ።

ፀሐይ ዳር ዳሩን ያደርቅና ወደ ስፌቱ የገባውን እርጥበት ይተወዋል። ሽፋኑም አንዱ ፊቱ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይጎብጣል። በ1950ዎቹ የተጠረዘ መጽሐፍ ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚሠራው ሙጫ ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል። ስለዚህ ካውያ ገጹን ሊያቃና ሲል ጥራዙን ከቦታው ያንሸራትተዋል። ማስቲሽ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። መጀመሪያ የብዕር ጽሑፍ ባለባቸው ገጾች ፊትና ኋላ ነጭ፣ አበባ የሌለው ሶፍት አስገቢ። በእጅሽ ተጫኚው እንጂ አትጥረጊው፤ የተጠረገ ቀለም ይሰፋል። ቀጥሎ መጽሐፉን ደረቁ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ እንዲቆም ገልብጠሽ አቁሚው። ያንቺ የራሰው ታች ስለሆነ በራስጌው ይቆማል ማለት ነው። ሽፋኖቹን በመጠኑ ከፈት አድርጊ፣ በየ20 ገጹ አንድ ሶፍት አስገቢና የመጀመሪያውን ቀን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ቀይሪ። የገባው ሶፍት ሁሉ ተደምሮ ከመጽሐፉ ውፍረት ሲሶ እንዳያልፍ ተጠንቀቂ፤ ካለፈ የላላውን ጀርባ ይሰነጥቀዋል። ጋዜጣ አታስገቢ፣ ቀለሙ ወደ ገጹ ይተላለፋል።

ቬንትሌተር ካለሽ ወደ ግድግዳው አዙሪው፣ የክፍሉ አየር ይንቀሳቀስ እንጂ ገጹን አይምታው። በሐምሌ የጎንደር አየር ራሱ እርጥብ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድና ሌሊት መስኮት ዝጊ፣ ቀትር ላይ ክፈቺ። እንጀራ በሚጋገርበትና ወጥ በሚንተከተክበት ክፍል አይሁን።

ካታሎግ
የቤተ መጻሕፍት ሰው ነኝ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በመሃል ሥራ ካለሽና ሶፍት እየቀየርሽ መዋል ካልቻልሽ መጽሐፉን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው። አያደርቀውም፣ ግን ሻጋታውን ያቆመዋል፤ ጊዜ ስታገኚ አውጥተሽ ትቀጥያለሽ። ሌላው፣ ፎቶ ያለባቸው የሚያብረቀርቁ ገጾች ካሉ ከሁሉም አስቀድመሽ እነሱን ተመልከቺ። እርጥብ እንዳሉ በእያንዳንዱ ገጽ መሃል አንድ ነገር ካልገባ ሲደርቁ ይጣበቃሉ፣ ያን ጊዜ የሚያላቅቃቸው የለም።

የደብሩ ልጅ
እኛ ጋም ተመሳሳይ ነው። የብራና ዳዊት ነው፤ ውሃ ነክቶት ሁለት ጥራዝ ተኮማትሯል፣ አንዱ የሽፋኑ ገበታም ተሰንጥቋል። ይህንኑ ሶፍትና ማቆም ልሞክር? ገበታውንስ በኮላ ልያዘው?

ጠራዥ ዘአራዳ
ወንድሜ፣ ያንተ ሌላ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ወረቀት ነው፣ ብራና ቆዳ ነው። ቆዳ ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ካልተያዘ ይኮማተራል። ሙቀት ካገኘ ጭራሽ ወደ ቦታው አይመለስም። እርጥብ የስንዴ ሙጫም ብትቀባበት የተቀባው ቦታ ብቻ ይሸበሸባል። በጥላ፣ በዝግታ ይድረቅ፤ የተኮማተረውን በግድ አትዘርጋ፣ ቀለሙና ሐረጉ ይረግፋል። ገበታው ይቆይ። ስፌቱን አትቁረጥ፣ ኮላም አታስነካው። የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ለአስተዳዳሪው ንገር፤ የራስህ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችን አማክር።

የደብሩ ልጅ
እሺ። ግን ድሮ አባቶች ራሳቸው ይሰፉትና ይጠግኑት አልነበር?

ጠራዥ ዘአራዳ
አዎ፣ የተቀደደውን ብራና በጅማት ይሰፉት ነበር። እሱ ግን ብራና ዳምጦ፣ ወጥሮ፣ ፍቆ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ለብቻው ክር ክፈትበት፣ እዚህ የእህታችን ጉዳይ እንዳይጠፋ።

የአዘዞ ልጅ
አመሰግናለሁ ጋሼ። ሶፍቱን እየቀየርኩ ነው። የሚያብረቀርቅ ገጽ የለውም። የብዕሩ ቀለም ሁለት መስመር ላይ ትንሽ ሸሽቷል እንጂ ይነበባል። መድረቁን በምን አውቃለሁ? በእጄ ስነካው ደረቅ ይመስለኛል።

ጠራዥ ዘአራዳ
ጣት ያታልላል። ገጹን ከስፌቱ አጠገብ ከፍተሽ ጉንጭሽ ላይ ወይም የላይኛው ከንፈርሽ ላይ አስጠጊው። እርጥበት ያለው ወረቀት ይቀዘቅዛል፣ የደረቀው ምንም አይሰማሽም። ዳሩ ደርቆ ስፌቱ አካባቢ ከቀዘቀዘ ገና ነው። በክረምት አራት አምስት ቀን ቢፈጅ አትገረሚ።

ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ማለትም ቅዝቃዜው በጭንቅ ሲሰማሽ፣ ሶፍቱን ሁሉ አውጥተሽ መጽሐፉን አስተኚው። ከላይና ከታች መጽሐፉን የሚያክል ኮምፔንሳቶ አድርጊና ሁለት ጡብ ጫኚበት። በየቀኑ አንዴ ገልጠሽ አናፍሺው። እርጥብ ሳለ ከተጫነ እርጥበቱን አፍነሽ ሻጋታ ታስነሺበታለሽ፣ ጨርሶ ከደረቀ በኋላ ከተጫነ ደግሞ የተጨማደደው አይቃናም።

ማራኪ ሰፈር
ውሃው የደረሰበት ቦታ ላይ ቡናማ መስመር ይቀራል፣ ታያላችሁ። እሱን በረኪና በውሃ አቅጥኖ በጥጥ ነካ ነካ ማድረግ ነው።

ካታሎግ
እባክህ በረኪና አትበል። በረኪና ተጠርጎ አይወጣም፣ ወረቀቱ ውስጥ ቀርቶ መብላቱን ይቀጥላል። ዛሬ ነጭ የሆነው ቦታ ከዓመታት በኋላ ሲነኩት ይፈረካከሳል። የውሃ መስመር የሚባለው ከወረቀቱ የታጠበ እድፍ እርጥቡና ደረቁ በተገናኙበት ላይ ተከማችቶ ነው። የሚለቀው ገጹ ተፈቶ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሲታጠብ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ስፌቱን መፍታት ይጠይቃል፣ የብዕሩንም ቀለም ይዞ ይሄዳል። ለዚህ መጽሐፍ መስመሩ ይቅር።

የአዘዞ ልጅ
ደርቋል፤ መስመሩ አለ፣ ትቼዋለሁ። ሻጋታ አላየሁም፤ ሽፋኑ ጥግ ላይ ብቻ ግራጫ ነገር ነበር፣ ውጭ አውጥቼ ማስክ አድርጌ በለስላሳ ብሩሽ አራገፍኩት። አሁን የተቀደዱት ገጾች ይቅደሙ ወይስ ጀርባው?

ጠራዥ ዘአራዳ
ገጾቹ ይቅደሙ። ጀርባው ከጠበቀ በኋላ ገጽ ጠፍጣፋ ሆኖ አይተኛልሽም፤ ገጽ ለመጠገን ስትከፋፍቺውም አዲሱን ጥገና ታንገላቺዋለሽ።

ሙጫውን እቤት ሥሪው። ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት በውሃ ጠንከር አድርገሽ ለውሺና ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ከዚያ ሊጡን ሳፋ ውስጥ ባለ ውሃ እያሸሽ እጠቢው። ውሃው ወተት ይመስላል፣ እጅሽ ላይ የሚቀረው እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው ነገር ይጣላል። የነጣውን ውሃ በሻሽ አጥልለሽ ሌሊቱን አስቀምጪው፤ ጠዋት የጠራውን ውሃ ከላይ ድፊና ታች የተኛውን ነጭ ዝቃጭ ውሰጂ። ከሱ አንድ የቡና ስኒ፣ ውሃ ሦስት ስኒ፣ በቀስታ እሳት ላይ ሳታቋርጪ 20 ደቂቃ አማስዪ። መጀመሪያ ወተት ነው፣ ቀጥሎ ይወፍራል፣ መጨረሻ ላይ ነጭነቱ ለቆት ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ እንደገና በሻሽ አጥልዪው። ለገጽ ሲሆን እርጎ እስኪመስል በውሃ አቅጥኚው።

ማራኪ ሰፈር
ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ዱቄቱን በቀጥታ አፍልቶ መለጠፍ አይበቃም? ትምህርት ቤት ደብተር ያለበስነው በዚያ ነው።

ካታሎግ
ይለጠፋል፣ ግን ጊዜ ሲሄድ ይጠነክራል፣ ይጠቁራልም፤ ነፍሳትና አይጥም ይበልጥ ይወዱታል። ያ የሚለጠጠው ነገር የሚወጣው ለዚሁ ነው። ጠራዥ ያላሉት አንድ ነገር፦ ሙጫው በሦስት አራት ቀን ይኮመጥጣል፤ ከኮመጠጠ ወይም ውሃና ወፍራሙ ከተለያየ ደፍተሽ አዲስ ሥሪ። ዝቃጩን አድርቀሽ ካስቀመጥሽ ግን ለረጅም ጊዜ አይበላሽም፣ በየጊዜው አንድ ማንኪያ ታፈያለሽ።

የአዘዞ ልጅ
ሙጫው ገባኝ። የሚለጠፈው ወረቀትስ? ስስ ወረቀት ፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ጠይቄ የሰጡኝ የስጦታ መጠቅለያ ነው።

ማራኪ ሰፈር
የሻይ ከረጢት ወረቀት! ስስ ነው፣ ውሃ ውስጥም አይቀደድም።

ካታሎግ
ይቺኛዋ ጥሩ ናት፣ ግን ሁሉም የሻይ ከረጢት አይሆንም። ዳሩ በሙቀት ተጨፍልቆ የተዘጋው ፕላስቲክ አለበት፤ ሙጫ በደንብ አይቀበልም። ታጥፎ በስቴፕለር ሽቦ የተያዘውን ፈልጊ። ያልተፈላውን ከፍተሽ ሻዩን አራግፊ፣ ወረቀቱን በውሃ አለቅልቀሽ አድርቂ። የስጦታው ወረቀት ይቅር፤ ቃጫው አጭር ስለሆነ እርጥብ ሲሆን ይበጣጠሳል፣ ቀለም ካለውም ይለቃል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ለመጽሐፍ ጥገና የሚሸጠውን የጃፓን ወረቀት አስመጪ፣ ከሁሉም እሱ ይሻላል።

ጠራዥ ዘአራዳ
አሁን አቀዳደዱን በቅርብ እዪው። ወረቀት ሲቀደድ ቀጥ ብሎ አይለያይም፣ በሁለቱም ዳር ነጭ ከንፈር ይተዋል። ሁለቱ ከንፈሮች በትክክል ሲደራረቡ ፊደሉ ይገጥማል። በተሳሳተ ከንፈር ላይ ከተደራረቡ ግን ገጹ ይሸበሸባል፣ ፊደሉም አንድ ፀጉር ያህል ይዛነፋል። ስለዚህ ሙጫ ሳትቀቢ በደረቁ አንዴ ግጠሚው።

ከገጹ ሥር ፌስታል አንጥፊ። ከሻይ ወረቀቱ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ አውጪ፣ ግን በመቀስ አትቁረጪው። በቀጭን ብሩሽ ውሃ መስመር አስምሪና በመስመሩ ላይ በጣትሽ ጎትተሽ ለያዪው፤ ዳሩ ላይ ቃጫዎች ተንጨባረው ይቀራሉ። እነሱ ናቸው ገጹ ውስጥ የሚጠፉት። በመቀስ የተቆረጠ ቀጥ ያለ ዳር ሲገለጥ እዚያው ላይ አዲስ ስብራት ይፈጥራል። የቁራጩን አንድ ፊት ሙጫ ቀቢ፣ በቅደቱ ላይ ግራና ቀኙን እኩል አድርገሽ አስቀምጪ፣ በሶፍት ተጫኚው። ከላይ ሙጫ የማይይዝና አየር የሚያሳልፍ ስስ የፖሊስተር ጨርቅ፣ በላዩ ሶፍት፣ ከዚያ ጡብ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሶፍቱን ቀይረሽ እስከ ማግስቱ ተዪው። ገጹ ከደረቀ በኋላ ጥገናው ዙሪያ ከተጨማደደ ሙጫው በዝቷል ማለት ነው።

የብዕር ጽሑፍ ያለበት ገጽ ቢቀደድ ግን አስቀድመሽ ጆሮ ማጽጃ ጥጥ በጥቂት ውሃ ነክረሽ አንድ ፊደል ጫፍ ላይ አስነኪ። ጥጡ ሰማያዊ ከሆነ እርጥብ ሙጫ እዚያ አይደርስም።

የአዘዞ ልጅ
የተቀደዱት የብዕር ጽሑፉ ካለበት የራቁ ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስኮቹስ?

ካታሎግ
ፕላስቲኩ ራሱ እየተነሳ ከሆነ ስስ ቢላ ከገጹ ጋር ትይዩ አድርገሽ ሥሩ አስገብተሽ በዝግታ አንሺው። ካልተነሳ ተዪው። ቢጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቷል፣ አሴቶን ቢነካው ይሟሟና ከነኅትመቱ ቀለም ይሰፋል።

ጠራዥ ዘአራዳ
ወደ ጀርባው። አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው። መጽሐፉን መሃሉ ላይ ከፍተሽ እዪ፤ በጥራዙ እጥፋት ላይ ክር ይታያል? ክሩ ካልተበጠሰና ጥራዞቹ ከተያያዙ ስፌቱ ደህና ነው፣ የላላው ሽፋኑ ብቻ ነው። የጨርቅ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ጀርባው ከጥራዙ ጋር አይጣበቅም፣ ስትከፍቺው መሃሉ ባዶ ሆኖ ብርሃን ያሳያል። ሽፋኑን የሚይዙት ግራና ቀኝ ያሉት መታጠፊያዎች ናቸው። ሰው ግን ከላይ ኮላ ያፈስበታል፤ ጀርባው ከጥራዙ ጋር ይጣበቅና ሲከፈት ይሰነጠቃል። ማስቲሹም ለዚህ ነው የማይሆነው፤ ዘልቆ ይገባል፣ ይጠቁራል፣ ሲያረጅ ይደርቅና ይለቃል፣ እድፉ ግን ይቀራል። ጫማ በየዓመቱ እንደገና ይለጠፋል፣ መጽሐፍ እንደዚያ አይደረግም።

የአዘዞ ልጅ
ክሩ ደህና ነው። የላላው የፊቱ መታጠፊያ ብቻ ነው፤ የኋላው ይዟል።

ጠራዥ ዘአራዳ
እንግዲህ ቀላል ነው። ረጅም የሹራብ መርፌ ያዢ። የስንዴውን ሙጫ ሳታቀጥኚ ከነጭ የእንጨት ኮላ ጋር እኩል ቀላቅዪ። መጽሐፉን አቁመሽ የፊቱን ሽፋን ግማሽ ያህል ክፈቺ፣ መርፌውን ሙጫ አልብሰሽ የሚንጠባጠበውን ጥረጊና በሽፋኑና በጥራዙ ትከሻ መሃል ባለው ክፍተት አስገብተሽ አሽከርክሪው። ከላይ በኩል እስከ መሃል፣ ከዚያ መጽሐፉን ገልብጠሽ ከታች በኩል። መርፌው ወደ ጀርባው ባዶ ቦታ እንዳያመልጥ ተጠንቀቂ።

ዝጊው። ከሽፋኑ ውስጥ፣ በመታጠፊያው ላይ ፌስታል አስገቢ። ከውጭ በሽፋኑና በጀርባው መሃል ባለው ጎድጓዳ መስመር ላይ ሁለት የሹራብ መርፌ አንድ በፊት አንድ በኋላ አስተኚ፣ ኮምፔንሳቶና ጡብ ጫኚ። በክረምት ሁለት ቀን አትክፈቺው። የተሰነጠቀውን የውስጥ ወረቀት ከዚያ በኋላ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የሻይ ወረቀት ቁራጭ ልክ እንደ ገጹ ትጠግኚዋለሽ፤ አንዱ ካላዳረሰ ቁራጮቹን ጫፍ ለጫፍ በትንሹ አደራርቢ።

ካታሎግ
በኮላው አልስማማም። የእንጨት ኮላ አንዴ ከደረቀ በውሃ አይለቅም፤ ነገ ሌላ ሰው መፍታት ቢፈልግ ጨርቁን ይቀድደዋል። እንዲህ ላለ መጽሐፍ የስንዴ ሙጫ ብቻውን ይበቃል።

ጠራዥ ዘአራዳ
በየዓመቱ አንዴ ለሚገለጥ መጽሐፍ ይበቃል። በየሳምንቱ ለሚነበብ ግን መታጠፊያው ላይ ያለው ስንዴ ጠንካራ ስለሆነ ይሰነጠቃል። እኔ የምቀላቅለው ለዚህ ነው።

ካታሎግ
ይሰነጠቅ፤ ያኔ ተፈትቶ እንደገና ይለጠፋል።

የአዘዞ ልጅ
የምናነበው በበዓል በበዓል ስለሆነ በስንዴ ብቻ አደረግኩት፤ ጋሼ ይቅርታ። ከሁለት ቀን በኋላ ሲከፈት ጀርባው ባዶነቱን ይዟል፣ ብርሃን ይታያል። አንድ ነገር ቀረ፦ የፊት ሽፋኑ ወደ ውጭ ትንሽ ጎብጧል፣ ጠረጴዛ ላይ ጥጉ ይነሳል።

ጠራዥ ዘአራዳ
ይቅርታ አያስፈልግም፣ መጽሐፉ ያንቺ ነው። ጉብጠቱ የመጣው የሽፋኑ ውጭኛ ፊት ከውስጡ ቀድሞ ስለደረቀ ነው። አሁን አታርሺው። በኮምፔንሳቶ መሃል አድርገሽ ክብደት ጫኚና እስከ መስከረም አጋማሽ ተዪው፤ አየሩ ሲደርቅ አብሮ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ የሽፋኑን የውስጥ ፊት በእርጥብ ሶፍት ለጥቂት ደቂቃ አለስልሰሽ እንደገና ትጫኚዋለሽ፤ በሶፍቱና በሽፋኑ መሃል ግን አንድ ደረቅ ሶፍት ይኑር።

ማራኪ ሰፈር
እኔ የራሴን በካውያ ነው ያቃናሁት፣ እስካሁን ምንም አልሆነም።

ካታሎግ
ጉንጭህን ስፌቱ ላይ አስጠግተህ ንገረን።